ያልተጠቀምንበትን ፕሪንተር ስንመልስ 15 በመቶ ተቆረጠብን፤ ኢሜይሉን እንዴት ልጻፈው?

ጠያቂ (ሜክሲኮ አካባቢ)፦ እባካችሁ ቶሎ! ለቢሮ የገዛነውን ሌዘር ፕሪንተር ስንመልስ ሱቁ «ሪስቶኪንግ ፊ» ብሎ 15 በመቶ ቆረጠ። ሶኬት ላይ እንኳን አልተሰካም። አለቃዬ ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቂ ብሎኛል።

መልስ 1፦ እህቴ፣ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ላይ 15 ቀን አለሽ፤ ሙሉ ብራችሁን ይመልሳሉ። አዋጁን ጠቅሰሽ ላኪው።

መልስ 2፦ ኧረ ተረጋጉ። 15 ቀኑ ጉድለት ላለበት ዕቃ እንጂ ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ አይደለም። ይህን ከጻፍሽ ሱቁ «ዕቃው ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ለምን መለሳችሁት?

መልስ 3፦ መርካቶ ጫማ ገዝቼ ቁጥሩ አልሆን ሲለኝ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለውኛል። እናንተስ ተቀብለዋችኋል።

ጠያቂ፦ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም። ፕሮፎርማው ላይ ግን «ኔትወርክ ያለው» ይላል። ቫትን ጨምሮ 23,000 ከፍለን 19,550 መለሱ። ካርቶኑ ተከፍቷል።

መልስ 1፦ አልኩሽ እኮ፣ 15 ቀን!

መልስ 2፦ ዋናውን ነገር ትተሽው ነበር! «አልተጠቀምንበትም» የሚለውን ወደ ኋላ አድርጊው፤ ካርቶኑ ስለተከፈተ በእሱ ብቻ ይከራከሩሻል። መጀመሪያ የሚመጣው ያዘዛችሁትና ያስረከቧችሁ መለያየቱ ነው። እንዲህ ጻፊ፦

«በዚህ ቁጥር ደረሰኝ የገዛነው ፕሪንተር በፕሮፎርማችሁ ላይ ከተገለጸው የተለየ ሆኖ ስለተገኘ መልሰናል። የተቆረጠው 3,450 ብር እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ካልተስማማችሁ፣ ተቀናሹ ከክፍያ በፊት የተነገረን መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ላኩልን።»

ፕሮፎርማውን፣ ደረሰኙንና የሞዴል ቁጥሩ የሚታይበትን የርክክብ ሰነድ አያይዢ። ተጠቅማችኋል ካሉ፣ እናንተ ባላችሁበት ከማሽኑ ሜኑ የገጽ ቆጣሪውን ያትሙ። ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሞከር ጥቂት ገጽ ሊያሳይ ይችላል፤ በመቶዎች ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከማተማቸው በፊት ግን የቶነሩ ማሸጊያ አለመነሳቱን ይዩ።

መልስ 4፦ እኔ ነጋዴ ነኝ። የተከፈተ ካርቶን እንደ አዲስ አይሸጥም፤ ዋጋ ቀንሼ ነው የምሸጠው። ተቀናሹ ያለ ምክንያት አልመጣም። ግን ስህተቱ የሱቁ ከሆነ ኪሳራውም የሱቁ ነው። ሌላው፣ የቆረጡት ከ23,000 ላይ ነው። ከቫት በፊት ካለው 20,000 ቢሰላ 3,000 ይሆን ነበር። በምን እንዳሰሉት ይንገሯችሁ፤ ሙሉውን እንቢ ካሉ በ450 ብሩ ትደራደራላችሁ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ለተመለሰው ዕቃ ክሬዲት ኖት የሚባለውን የተመላሽ ሰነድ ጠይቁ፤ ያለዚያ ሒሳብ ሹማችሁ ይቸገራል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ግን አሁን ሳየው ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ለተመለሰ ዕቃ 15 በመቶ ይቆረጣል» የሚል ማኅተም አለ።

መልስ 4፦ እንግዲያማ አውቃችሁ ገዝታችኋል።

መልስ 2፦ ደረሰኝ የሚሰጠው ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ያኔ የታየ ነገር እንደ ስምምነት መቆጠሩ ያከራክራል። ለማንኛውም ያ ማኅተም የሚያገለግለው ትክክለኛ ዕቃ አስረክበው ከሆነ ነው። ፕሮፎርማው ላይስ የሱቁ ማኅተምና የሞዴል ቁጥሩ አለ? «ኔትወርክ ያለው» የሚለው በእጅ የተጨመረ ከሆነ ከመላክሽ በፊት ንገሪን።