«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ለላፈር ኩርባ ይሆናል?

ሰርጸ፦
ስለ ታክስ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። አንደኛው በአሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ በላፈር ስም «ላፈር ከርቭ» የሚሉት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ታክሱ ዜሮ ከሆነ መንግሥት ምንም አያገኝም። መቶ በመቶ ከሆነም ደክሞ የሚሠራ ስለማይኖር ምንም አያገኝም። ስለዚህ መሀል ላይ ከፍተኛው ነጥብ አለ፤ እሱን ካለፉት ምጣኔው በጨመረ ቁጥር የሚሰበሰበው ያንሳል። «የላፈር ኩርባ» ብዬ ጀመርኩና ለርእስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን አሰብኩ። ምን ትላላችሁ?
ሁለተኛው «ገቢ» ነው። «ታክስ ሲጨምር ገቢ ይቀንሳል» ብዬ ጽፌ ሳነበው የማን ገቢ እንደሆነ እኔው ጠፋኝ።

ሰሚራ፦
የማን ይሆናል፣ የእኛ ነዋ! ባለፈው ወር ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ደመወዜ 14,000 አለፈና 35 በመቶው ውስጥ ገባሁ። ባልሠራ ይሻለኝ ነበር። ሰው የሚሰንፈው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጋሽ ተድላ፦
ሰሚራ ልጄ፣ ሳታውቂው የሰርጸን ጥያቄ መለስሽለት። እሱ የጻፈው ስለ መንግሥት ካዝና ነበር፣ አንቺ ግን ስለ ኪስሽ አነበብሽው። «ገባ» ካለው ወዴት እንደገባ መናገር አለበት። ለአንዱ «የመንግሥት ገቢ»፣ ለሌላው «የሰው ገቢ» ይበልና ይለያቸው።
«ኩርባ» ግን አልተስማማኝም። ኩርባ ስትለኝ የመንገድ መታጠፊያ ነው የሚታየኝ። ይህ ወጥቶ የሚወርድ ነገር ከሆነ «ጉብታ» ነው። ተረቱ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

ትዕግሥት፦
ሰሚራ፣ 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ባለው ላይ ብቻ ነው። 1,000 ብር ካለፍሽ 350ው ይቆረጣል፣ 650ው ያንቺ ነው። ከዚያ በታች ያለው እንደ በፊቱ ነው የሚሰላው። የቀረልሽ አነሰ እንጂ አልከሰርሽም።

ሰሚራ፦
እሺ፣ ግን ለ650 ብር ቅዳሜዬን አልሰጥም።

ትዕግሥት፦
ላፈርም ያለው እሱን ነው 😄 ጥያቄው ስንት ሰው እንዳንቺ ይላል ነው።

በኃይሉ፦
ይህ እኮ ተፈትኖ ያለቀ ነገር ነው። አርተር ላፈር እ.ኤ.አ. በ1974 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሆቴል ከነዲክ ቼኒ ጋር እራት ላይ ሳለ ናፕኪን ላይ ሣለው ይባላል። ሬገን መጥቶ ከፍተኛውን ምጣኔ ከ70 ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 28 አወረደው፤ የመንግሥት ገቢም ጨመረ። በቃ።

ጋሽ ተድላ፦
ሐሳቡ እንኳ የላፈር አይደለም። ኢብን ኻልዱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል፤ ላፈር ራሱም የእኔ ነው አላለም።

ትዕግሥት፦
በኃይሉ፣ ያልካቸው ቁጥሮች ልክ ናቸው፣ «በቃ»ው ነው ያልሆነው። በእነዚያ ዓመታት ዋጋም ሕዝብም ጨምሯል፤ ሬገን ራሱም በ1982 ሌሎች ታክሶችን መልሶ ከፍ አድርጓል። የአሜሪካዋ ግዛት ካንሳስ ደግሞ በ2012 ላፈርን አማክራ ታክስ ቀነሰች፤ ገቢዋ ወረደ፣ በ2017 ምክር ቤቱ የገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ቅነሳውን አነሳው። ግን በዚህ መወራወር የትም አንደርስም።
እኔ ለንደን ሒሳብ መዝገብ ላይ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የዚህን አገር ልንገራችሁ። በሚያዝያ 2010 ከ150,000 ፓውንድ በላይ ያለው ገቢ ላይ ታክሱ ከ40 ወደ 50 ወጣ። አንድ ሰው 250,000 ያገኛል እንበል። ከመስመሩ በላይ ያለው 100,000 ነው፤ በ40 ሲሰላ 40,000 ይከፍላል፣ በ50 ሲሰላ 50,000። አሁን ሰውየው የሚያስመዘግበውን ወደ 230,000 ቢያወርደውስ? ከመስመሩ በላይ የሚቀረው 80,000 ነው፤ የ80,000 ግማሽ 40,000። መንግሥት ዐሥር ነጥብ ጨምሮ አንድ ሳንቲም አላተረፈም! ልብ በሉ፣ ሰውየው ጠቅላላ ገቢውን የቀነሰው በ8 በመቶ ብቻ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ማለት ላይኛው ጫፍ ላይ ብዙ ይጎዳል።

በኃይሉ፦
ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

ትዕግሥት፦
ቆይ። የ50ው ነገር የታወጀው ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የራሱ ድርጅት ያለው ሰው በግንቦት 2010 ለራሱ ሊከፍል ያሰበውን ገንዘብ በመጋቢት ከፈለና በአሮጌው ምጣኔ ተገላገለ። የአገሩ ግብር መሥሪያ ቤት ኋላ ሲገምት፣ በዚህ ዓይነት ወደ ቀደመው ዓመት የተሳበው ገቢ ከ16 እስከ 18 ቢሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። አሁን የ2010ን መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው ምን ይላል? «ሀብታሞቹ መሥራት አቆሙ» ይላል። አንድ ሰዓት ሥራ አልቀረም፤ የቀን ቁጥር ነው የተቀየረው። በዚያ ላይ በመጋቢት 2012 «ከሚቀጥለው ዓመት 45 ይሆናል» ተባለ፤ እነዚያው ሰዎች በተራቸው አዘገዩት።

ሰርጸ፦
ታዲያ በመጨረሻ ገቢው ቀነሰ ወይስ ጨመረ?

ትዕግሥት፦
የመሥሪያ ቤቱ ግምት፦ ይገኛል ከተባለው ወደ 2.5 ቢሊዮን ይልቅ 1 ቢሊዮን ወይም ከዚያ ያነሰ ተገኘ። ወደ 45 መመለሱ የሚያሳጣው 100 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው አሉ። ከውጭ የመረመሩት ደግሞ የስሕተቱ ወሰን ሰፊ ነው፣ ከዚህ በታችም በላይም ሊሆን ይችላል አሉ። በቀንና በቀን መካከል የዘለለውን ገንዘብ ከእውነተኛው መቀነስ ለመለየት ያለህ ሁለትና ሦስት የተበጠበጠ ዓመት ነው።
ባለሙያዎቹ የሚለያዩት እዚህ ነው። ጉብታው መኖሩን ማንም አይክድም። ጫፉ የት ነው ነው ነገሩ። ዳይመንድና ሳኤዝ የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2011 ለአሜሪካ ላይኛ ገቢ፣ ሁሉም ታክስ ተደምሮ፣ 73 በመቶ አካባቢ አደረሱት። ያ ስሌት የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ለሰውየው የሚቀርለት ድርሻ 1 በመቶ ሲቀንስ የሚያስመዘግበው ገቢ ሩብ በመቶ ይቀንሳል የሚል። ሩቡን ግማሽ አድርጉትና በዚያው ቀመር አስሉት፣ ጫፉ ወደ 57 ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ «ገና ብዙ ይቀረናል» ሲል ሌላው «ደርሰናል» ይላል፣ ሁለቱም በአንድ ቀመር።
ከዚያ የባሰው ደግሞ ያ ሩብ ወይም ግማሽ የሚሉት ቁጥር እንደ ውኃ መፍያ ሙቀት የተቆረጠ አይደለም። ገቢን ከደመወዝ ወደ ሌላ ስም ማዞር የሚያስችል ቀዳዳ ካለ ትልቅ ይሆናል፣ ቀዳዳው ከተደፈነ ያንሳል።

በኃይሉ፦
ቀዳዳ ብትደፍኚ ሌላ ይከፍታሉ። ሰዎቹ ለዚሁ ጠበቃ ቀጥረዋል።

ትዕግሥት፦
ይከፍታሉ፣ እውነት ነው። ግን ያ ስለ ጠበቃ ነው እንጂ ስለ ስንፍና አይደለም።

ጋሽ ተድላ፦
እንግዲህ ወደ ተረቱ። ሰርጸ፣ ተረትህ ያማረ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። ሴትዮዋ የብብቷን ጣለች፤ ጥላ ባዶዋን ቀረች። በትዕግሥት ታሪክ እንግሊዞቹ አልጣሉም፣ ካሰቡት ያነሰ አወረዱ። የብብታቸው ደግሞ አልወደቀም፤ በራሱ እግር ወደ አምናው ዓመት ሄደ! ርእሱን እንዲያ ካልከው አንባቢህ ሳያነብ ፈርዶ ይገባል።

ሰርጸ፦
በጥያቄ ምልክት ብተወውስ፣ ጋሼ?

ጋሽ ተድላ፦
ተረት በጥያቄ ምልክት አይነገርም። ተፈርዶ ያለቀ ነገር ነው እኮ።

ሰሚራ፦
እኔ ግን ተረቱን ወድጄዋለሁ፣ ተዉለት።

ሰርጸ፦
ለጊዜው ጽሑፉ ውስጥ «የመንግሥት ገቢ» እና «ሰው ያስመዘገበው ገቢ» ብዬ ለይቻለሁ። «ጉብታ»ን ተቀብያለሁ፣ ግን «የላፈር ጉብታ» ስል የሰውየው ጀርባ ይመስላል 😅 የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ። ርእሱን እስከ ዓርብ አላስረክብም።