40 በመቶ ተቀንሶ እንደገና 25 በመቶ፦ ካፖርቱ ስንት ይመጣል?

ማርታ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለእናቴ ብርዱ ሳይጠና ካፖርት ገዛሁላት። መለያው ላይ 180 ዶላር ይላል፤ መስቀያው ላይ ደግሞ 40 በመቶ ቅናሽ የሚል ወረቀት ነበረ። እኔም በእጄ ተጨማሪ 25 በመቶ የሚቀንስ ኩፖን ይዣለሁ። 40 እና 25 ሲደመር 65 ስለሆነ 63 ዶላር እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ካሸሯ ግን 85.86 አስከፈለችኝ። አጭበርብረውኝ ነው ወይስ አሠራሩ እንዲህ ነው? ልመለስና ልጠይቅ?

ጋሽ መምህሩ፦
አላታለሉሽም ልጄ። ሁለቱ ቅናሾች የሚቆጠሩት ከአንድ ዋጋ ላይ አይደለም፤ ልዩነቱን ያመጣው ይሄ ነው። መጀመሪያ 40 በመቶው ከ180 ላይ ይነሳል፤ 72 ዶላር ማለት ነው፣ 108 ይቀራል። ኩፖንሽ ሲመጣ ካፖርቱ 180 መሆኑ ቀርቷል፤ ያገኘው 108 ነው። የ108 ሩብ 27 ነው፤ ሲነሳ 81 ይቀራል። በላዩ የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ፣ ማለትም 4.86 ሲጨመር 85.86 ይሆናል። ሳንቲሙ ሳይቀር ልክ ነው።

ከ63 እስከ 81 ያለው 18 ዶላር የት ሄደ ካልሽ፣ አንቺ ኩፖኑን ከ180ው ሙሉ ላይ አስበሽዋል። ከዚያ ውስጥ 72ቱ ግን አስቀድሞ ወርዷል፤ ከማትከፍይው ገንዘብ ላይ ቅናሽ አይታሰብም። የ72 ሩብ ስንት ነው? 18።

መደብር ውስጥ ቆመሽ ቶሎ ለማወቅ የሚቀነሰውን ትተሽ የሚቀረውን ያዢ። 40 ሲቀነስ 60 ይቀራል፣ 25 ሲቀነስ 75 ይቀራል። ስልክሽ ላይ 180 × 0.60 × 0.75 ብትጽፊ 81 ይሰጥሻል። ከመቶው 45 እጁን ከፍለሻል፣ ማለትም ቅናሹ በድምሩ 55 በመቶ ነው። መደመር እንደማያዋጣ ለማየት 50 እና 50 በመቶ የሆኑ ሁለት ቅናሾችን አስቢ፤ ቢደመሩ ካፖርቱን በነጻ ይዘሽ ትወጪ ነበር።

የሸዋ ልጅ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ 55 በመቶ ነው። እኔም 40 እና 25 ደምሬ፣ ከዚያ የ40ን ሩብ 10 እቀንሳለሁ፤ ያው 55 ይመጣል። ግን ማርታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካሸሯን ትልቁን ቅናሽ መጀመሪያ አስገቢልኝ በያት። ትልቁ ከትልቁ ዋጋ ላይ ሲነሳ የበለጠ ትጠቀሚያለሽ።

ጋሽ መምህሩ፦
የመጀመሪያው ትክክል ነው፣ ጥሩ ዘዴም ነው። ሁለተኛው ግን አይሆንም። ገልብጠህ ሞክረው፦ ከ180 ላይ 25 በመቶ ሲነሳ 135፤ ከ135 ላይ 40 በመቶ፣ ማለትም 54 ሲነሳ፣ አሁንም 81። ሁለቱም በመቶኛ እስከሆኑ ድረስ ቅደም ተከተሉ የሚለውጠው ነገር የለም፤ ካሸሯን ማስቸገር አያስፈልግም።

ጌች ከሚኒያፖሊስ፦
እኛ ዘንድ ሚኒሶታ ልብስ ታክስ ስለሌለው 81 ከፍለሽ ትወጪ ነበር። እኔ ግን የራሴን ልጠይቅ። ባለፈው በዚሁ ዓይነት ቅናሽ፣ 40 እና 25፣ ካፖርት በ67.50 ገዛሁ። መለያውን ቆርጬ ጥያለሁ። አሁን ጓደኛዬ ያለ ቅናሹ ስንት ነበር አለኝ። 55 በመቶ ስጨምርበት 104 ዶላር ከምናምን መጣልኝ፤ ግን ከመቶ አርባ በላይ እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

ጋሽ መምህሩ፦
ትዝታህ ልክ ነው። 55 በመቶው የተነሳው ከትልቁ ዋጋ ላይ ነው፤ አንተ ግን የጨመርከው የትንሹን 55 በመቶ ነው። 67.50 የዋናው ዋጋ 45 በመቶ ስለሆነ ለ0.45 አካፍለው፤ 150 ይመጣል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ከ150 ተነስተህ ውረድ፦ 90፣ ከዚያ 67.50።

ሳባ (ልብስ መደብር የምሠራ)፦
እኔ ካሸር ነኝ፤ ይሄ ጥያቄ ቅናሽ በወጣ ቁጥር ይገጥመኛል። ጋሼ ያሉት ሂሳብ ትክክል ቢሆንም፣ ማሽኑ ሁሌ ሁለቱንም ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ደረሰኝ ማየት ጥሩ ነው። ለምሳሌ የመደርደሪያው ቅናሽ ሲስተም ውስጥ ሳይገባ ከቀረ ኩፖኑ ብቻ ይሠራና 135 ይወጣል፤ ከታክስ ጋር 143.10። ኩፖኑ ካልተቀበለ ደግሞ 108 ላይ ይቆማል፤ ከታክስ ጋር 114.48። ብዙ ኩፖን ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል "የማጣሪያ ሽያጭን አይጨምርም" ወይም "ለእነዚህ ብራንዶች አይሆንም" የሚል አለው። ማርታ 85.86 ካለሽ ሁለቱም ሠርተዋል፤ መመለስ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ወረቀቱ "ተጨማሪ 25 በመቶ" ካለ ከተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው። "በድምሩ 65 በመቶ" የሚል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 63 ብለሽ መከራከር ትችይ ነበር። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሺው፤ ፎቶ ያለው ደንበኛ ሲመጣ እኛም ማኔጀር ጠርተን ማስተካከል ይቀለናል።

ማርታ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሳባም አመሰግናለሁ። ደረሰኙን አሁን አየሁት፤ 72 ሲቀነስ፣ ከዚያ 27 ሲቀነስ፣ 81፣ ታክስ 4.86 ይላል። ኩፖኑም "ተጨማሪ" ነው የሚለው።

ታናሽ እህቴም ያንኑ ካፖርት ትፈልጋለች። አሁን ደግሞ ከመደብሩ የ20 ዶላር ኩፖን በፖስታ መጥቶልኛል። ከሁለቱ ጋር ቢያያዙልኝስ?

ጋሽ መምህሩ፦
የሸዋው ልጅ ያነሳው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ዋጋ አለው። 20ው ዶላር መጨረሻ ከተነሳ 81 ሲቀነስ 20፣ 61። በመሐል ከተነሳ 108 ወደ 88 ይወርዳል፤ ከዚያ 25 በመቶ ሲነሳ 66። መጀመሪያ ከተነሳ ደግሞ 160 ላይ ተነስተን 72 ላይ እንደርሳለን። ሁሉም ከታክስ በፊት ነው። ለአንቺ የሚሻለው በመቶኛዎቹ አልቀው የዶላሩ መጨረሻ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ 20ው ሳይሸራረፍ በሙሉ ይቀነስልሻል።

የሸዋ ልጅ፦
ገባኝ ጋሼ። እንግዲያው ካሸሯን የ20ውን መጨረሻ ስካን አድርጊልኝ ቢሏት ይሆናል?

ሳባ፦
እኛ ጋ አይሆንም። የትኛውንም ቀድሜ ስካን ባደርግ ማሽኑ በራሱ ሥርዓት ነው የሚያስቀምጠው፤ የዶላሩን ከበመቶው ኩፖን በፊት ያነሳል። ስለዚህ እኛ ጋ 66 ነው የሚመጣው። የሌላ መደብር ሊለይ ይችላል፤ ሁለት ኩፖን አብሮ የማይቀበልም አለ። ማርታ፣ አብረው አይሠሩም ካሉሽ የ25ቱን ምረጪ፤ ከ108 ላይ እሱ 27 ያወርድልሻል፣ ያኛው 20 ብቻ ነው።

ማርታ፦
እሺ፣ ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ስሄድ ከመክፈሌ በፊት እጠይቃቸዋለሁ፤ ያሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።

ጌች ከሚኒያፖሊስ፦
ለ0.45 አካፈልኩት፣ 150 መጣ። ጓደኛዬ ቅናሹ እስኪመለስ እጠብቃለሁ ብሏል።