የስህተት ደብተሬ ሁሉ «ቸኩዬ ነው» ሆነብኝ

ሰላም ናችሁ? ከድሬዳዋ ነኝ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ፊዚክስ እሠራለሁ፣ የሳትኩትን ደግሞ ደብተር ላይ በሦስት እከፍላለሁ፦ አላውቀውም፣ ጥያቄውን አሳስቼ አነበብኩ፣ ቸኩዬ ገመትኩ። ችግሩ መልሱን ካየሁ በኋላ ሁሉም «ኧረ ይሄንማ አውቀው ነበር» ይሆንብኛል። ከ40 ስህተት 27ቱን «ቸኩዬ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። መኪና ሐረር ሲወጣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ 60፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 50 አልኩ፣ መልሱ 48። «ቸኩዬ» ብዬ አለፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በ30 እና በ60 መጣ፣ ምንም ሳልቸኩል 45 አልኩ፣ መልሱ 40። ለካ ቀስ ብሎ የሚሄድበት መንገድ ብዙ ሰዓት እንደሚበላ፣ ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ሰዓት መካፈል እንዳለበት አልገባኝም ነበር!

አሁን እህቴ መልሱን ደብቃ የሳትኩትን ቁጥር ብቻ ታከብልኛለች፣ እኔ ሰዓት ሳልይዝ እደግመዋለሁ። ደግሜ ከሳትኩ «አላውቀውም» ነው፣ እሱ ግልጽ ነው። ካገኘሁት ግን ግራ ይገባኛል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ምርጫዬ ስህተት እንደሆነ ስለማውቅ ከአራቱ ሦስት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ታዲያ በሁለተኛው ሙከራ ያገኘሁትን መልስ አውቄው ይሁን ገምቼ በምን ልለየው?