ነገ የክፍልፋይ መደመር አለብኝ፤ ሦስት ዓይነት መልመጃ ከየት ላምጣ?

የአምስተኛ ክፍሏ፦ እባካችሁ ቶሎ፣ ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። ግማሾቹ ታህቱንም አብረው ይደምሩታል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ወዲያው ጨርሰው ይረብሻሉ። በየደረጃቸው ላዘጋጅ ብዬ ገና አንዱን ሳልጨርስ መሸ።

ነባር መምህር፦ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ? ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስጪ፤ ለደካሞቹ አምስት፣ ለጎበዞቹ አሥራ አምስት።

ጠመኔ፦ አንድ ወረቀት ይበቃል በሚለው ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፣ በብዛቱ ግን አይደለም። ቶሎ የጨረሰ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ከተጨመረበት ቀስ ብሎ መሥራት ይለምዳል።

መጀመሪያ መካከለኛውን ብቻ ጻፊ፦ 2/3 + 1/4። ለሚቸገሩት ያንኑ ጥያቄ ከድጋፍ ጋር ስጪ፦ 2/3 = __/12፣ 1/4 = __/12፣ ድምሩ __/12። ለፈጣኖቹ ገልብጪው፦ «ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮች ተደምረው 11/12 ሆኑ። እነማን ሊሆኑ ይችላሉ? ከአንድ በላይ መልስ ፈልጉ።» ቁጥሮቹ አንድ ስለሆኑ እርማቱም ሰሌዳ ላይ የሚደረገው ውይይትም አንድ ነው። እንዲህ ያሉ አራት ጥያቄዎች ለክፍለ ጊዜው ይበቃሉ።

ደብተር፦ እኔ ልጆችን በደረጃ መክፈሉ ራሱ አይዋጥልኝም። «የደካሞች ወረቀት» የደረሰው ልጅ ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል።

ጠመኔ፦ ቋሚ ቡድን ከሆነ ልክ ነህ። ስለዚህ ሲገቡ 1/2 + 1/3 ይሥሩ። 2/5 ብሎ የጻፈ ላዕሉንም ታህቱንም ደምሯል፤ ለዛሬ ድጋፍ ያለውን ይውሰድ። 5/6 ያገኘ መካከለኛውን ይጀምር፤ እንዴት እንዳገኘው ማስረዳት ከቻለ ወደ ሦስተኛው ይለፍ። በሚቀጥለው ትምህርት እንደገና ይለያል።

አንባቢ፦ እኔ የማስተምረው ቋንቋ ነው። ምንባቡን ሳልቀይር ጥያቄዎቹን ብቻ ብለያይ ይሠራል?

ጠመኔ፦ ምንባቡን ማንበብ ለሚችሉት ይሠራል። ማንበቡ ራሱ ለከበደው ልጅ ግን ጥያቄውን ማቅለል ብዙም አይጠቅመውም። ለሱ ምን እንደሚሻል የቋንቋ መምህራን ንገሩን።

ነባር መምህር፦ አሁንም ብዙ መሥራት ነው የሚያጎብዝ።

የአምስተኛ ክፍሏ፦ ጠመኔ፣ 12ን እኔው ከጻፍኩላቸው ዋናውን ሥራ አልሠራሁላቸውም? የሚያቅታቸው እኮ የጋራ ታህት ማግኘቱ ነው።

ጠመኔ፦ በአራቱም ላይ ከጻፍሽው አዎ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ጻፊው። በሦስተኛው ላይ በጋራ ታህቱ ፋንታ የሁለቱን ታህቶች ብዜት ጀምረሽ ተዪላቸው፤ ለምሳሌ ለ1/4 + 2/5 «4፣ 8፣ 12…» እና «5፣ 10፣ 15…» ብለሽ። ቀጥለው 20 ላይ ይገናኛሉ። አራተኛው ያለ ምንም ድጋፍ ይሁን። ሦስተኛውን ሠርቶ አራተኛው ላይ የቆመ ልጅ መደመሩ አልከበደውም፤ ብዜት መደርደር እንዳለበት የሚያስታውሰው ሲያጣ ነው የቆመው። አጠገቡ ሄደሽ «የትኞቹን ቁጥሮች ትደረድራለህ?» በይው እንጂ መልሱን አትንገሪው።