ፈተናው ዓርብ «ኢዝ» ወይስ «ዋዝ»?

የሁለት ልጆች አባት፦ ልጄን የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ሪፖርትድ ስፒች መጣባት። አስተማሪዋ «ዘ ኤግዛም ኢዝ ኦን ፍራይደይ» አለች፣ ይህን ወደ ኢንዳይሬክት ለውጪ ነው ጥያቄው። ልጄ «ዘ ቲቸር ሴድ ዘ ኤግዛም ኢዝ ኦን ፍራይደይ» ብላ ጻፈችና ኤክስ ተደረገባት። መልሱ «ዋዝ» ነው ተባለች። እኔ ግን ዜና ላይም ፊልም ላይም «ሴድ» ካሉ በኋላ «ኢዝ» ሲሉ እሰማለሁ። ኤክስ ይገባታል ወይስ አይገባትም?

ቾክ በእጄ፦ ይገባታል። 12 ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። «ሴድ» ካለ የውስጡ ግስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ኢዝ» «ዋዝ»፣ «ዊል» «ዉድ»፣ «ካን» «ኩድ» ይሆናል። ሳይለወጥ የሚቀረው የማይለወጥ እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ ምድር ክብ ናት እንደሚለው። የዓርብ ፈተና ደግሞ ቅዳሜ ሲሆን ያበቃለታል።

ሥረ ግስ፦ መምህር፣ ግማሹ ልክ ነው። የማይለወጥ እውነት የምትሏት ነገር ናት ተማሪውን የምታሳስተው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ኢዝ» ሲል ነገሩ ለዘላለም እውነት ነው ማለቱ አይደለም። እኔ ይህን በማወራበት ሰዓት ነገሩ ገና እንዳለ ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ ማለቱ ነው።

የአባትየውን ዓረፍተ ነገር እንያዝ። አስተማሪዋ ማክሰኞ ተናገረች እንበል። ረቡዕ ዕለት ልጅቷ ለጓደኛዋ ስታወራ ዓርብ ገና አልመጣም፤ «ሴድ … ኢዝ» ብትል ማንም አያርማትም፣ «ዋዝ» ብትልም እንደዚያው። ሐሙስ ላይ ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛወረ እንበል። አሁን «ኢዝ» ካለች ጓደኛዋን ታሳስታለች፤ «ዋዝ» ማለት አለባት፣ ምክንያቱም የዓርቡ ነገር የአስተማሪዋ የማክሰኞ ቃል ብቻ ሆኗል። ፈተናው ሳይዛወር ቀርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ብታወራም «ኢዝ» አይሆንም፤ ዓርብ አልፏል። እንግዲህ አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ቀን ልክ ነው፣ በሌላው ቀን ስህተት ነው። የፈተናው ወረቀት ደግሞ ልጅቷ የምታወራው በየትኛው ቀን እንደሆነ አይነግራትም። ቀን በሌለው ጥያቄ ላይ ኤክስ ማድረግ አይታየኝም።

ቾክ በእጄ፦ ይህ ለንግግር ይሠራል። እኔ ግን የብዙ ክፍል ወረቀት ነው የማርመው፤ አንድ መልስ ያስፈልገኛል። ደግሞም ትእዛዙ «ለውጡ» ነው የሚለው። ሳይለውጡ መልሰው ቢሰጡኝ የተማሩትን በምን አውቃለሁ?

ሥረ ግስ፦ እሱን እቀበላለሁ። «ዋዝ» ስህተት የሚሆንበትን ቦታ መፈለግ ራሱ ይከብዳል፤ ለተጠራጠረ ተማሪ የሚያድን መልስ ነው። የምቃወመው «ዋዝ» መማሩን ሳይሆን «ኢዝ» ስህተት ነው መባሉን ነው። እስቲ የእርስዎን የምድር ምሳሌ ገልብጠው ይዩት። የጥንቱ የከዋክብት ተመራማሪ ቶለሚ ፀሐይ በምድር ዙሪያ ትዞራለች ብሏል። ይህን በእንግሊዝኛ «ሴድ ዛት ዘ ሳን ጎውዝ» ብዬ ካስቀመጥኩት አንባቢው እኔም የማምንበት ይመስለዋል። «ዌንት» ካልኩ ሐሳቡ የቶለሚ ሆኖ ይቀራል፣ እኔ ከነገሩ እወጣለሁ። ጋዜጠኛ በወቀሳ ዜና ላይ ግሱን ወደ ኋላ መመለስ የሚመርጠው አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ያለው እሱ ነው፣ እኔ የለሁበትም ለማለት።

እንዲያው ልጠይቅ፦ ቆይ ግን በአማርኛስ? እኛም እኮ እናደርገዋለን። «እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበር» እንላለን። «ነበር» ገባ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም?

ሥረ ግስ፦ ጥሩ ዓይን ነው፣ ግን «ነበር»ን የያዘው ማን እንደሆነ እየው። «ነግሮኝ» ነው። የተመለሰው መንገሩ እንጂ መምጣቱ አይደለም። «እንደሚመጣ» ንቅንቅ አላለም። ያ «ነበር» የጨመረው ነገር ቢኖር ነግሮኝ ነበር፣ ግን አልመጣም የሚለውን ጥርጣሬ ነው። የውስጡን ግስ ብትነካው ትርጉሙ ይፈርሳል። «ፈተናው ዓርብ ነው አለች» ብለህ ረቡዕም ተናገር፣ ከዓመት በኋላም ተናገር፣ «ነው» እንደሆነ ይቀራል፤ የሚለካው በእሷ የማክሰኞ ሰዓት ነው። «ፈተናው ዓርብ ነበር አለች» ካልክ ግን እሷ ስትናገር ዓርብ አልፎ ነበር ማለት ነው። የልጆቻችን ችግር እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው፤ አማርኛ የተናጋሪውን ሰዓት ይዞ ይቆማል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ አውሪው ወዳለበት ሰዓት ይጎትታል።

ተርጓሚዋ፦ ይህን ካነሳችሁ የእኔን ውርደት ልንገራችሁ። ለአንድ ድርጅት የፊልም ጽሑፍ እተረጉም ነበር። አንዷ ገጸ ባሕርይ ስለ ጓደኛዋ ስታወራ «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ዋዝ ፕሬግናንት» ትላለች። ሌሊት ነው፣ ደክሞኛል፣ «ዋዝ» ሳይ እጄ «ነበር» ጻፈ። «እርጉዝ ነበርኩ አለችኝ»። ተመልካቹ በሙሉ ፅንሱ ወርዷል ብሎ ተረዳ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ትልቅ ሆድ ይዛ ብቅ ስትል ሰዉ ግራ ተጋባ። መባል የነበረበት «እርጉዝ ነኝ አለችኝ» ነው፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ከ«ሴድ» ወይም ከ«ቶልድ» በኋላ «ዋዝ» ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ሰውዬው በአፉ ምን ብሎ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። የራሱን ቃል ካገኘሁት አማርኛው ራሱ ይመጣል።

እንዲያው ልጠይቅ፦ ታዲያ ሁልጊዜ «ነው» ልበል?

ተርጓሚዋ፦ ኧረ አይደለም፣ ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ኤ ካር» ካለ «መኪና አለኝ አለ» እላለሁ። «ሂ ሴድ ሂ ሶልድ ዘ ካር» ካለ ግን «መኪናውን ሸጥኩት አለ» ነው፣ «እሸጠዋለሁ» አይሆንም። እኔ በልምድ የያዝኩት፣ የሚቆይ ሁኔታ ከሆነ፣ መታመም፣ መኖር፣ ማወቅ፣ ያኔ እየነበረ ነው የተነገረው ብዬ እጀምራለሁ። ተከናውኖ ያለቀ ድርጊት ከሆነ፣ መሸጥ፣ መሄድ፣ መስበር፣ ከመናገሩ በፊት አልቋል። ሁኔታውም ቀድሞ ያለፈ መሆኑን ለማስረገጥ ሲፈልጉ እነሱ ራሳቸው «ሃድ ቢን» ይሉልኛል። የሚከዳኝ ጊዜም አለ፤ ከላይና ከታች ያለውን ሳላነብ አልወስንም።

ሥረ ግስ፦ እህቴ ልክ ነሽ። የአስተማሪዎች ሌላዋ ጥብቅ ሕግም የምትላላው እዚሁ ላይ ነው። ፓስቱ ሁሉ ወደ «ሃድ» ይቀየር ይላሉ። «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ሶልድ» ልክ ነው፣ «ሂ ሴድ ሂ ሶልድ»ም ልክ ነው፤ መሸጡ ከመናገሩ መቅደሙ ማንንም አያደናግርም። «ሂ ሴድ ሂ ላቭድ ኸር» እና «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ላቭድ ኸር» ላይ ግን «ሃድ» ትዳር ያፈርሳል፤ የመጀመሪያው «እወዳታለሁ አለ» ነው፣ ሁለተኛው «እወዳት ነበር»።

ቾክ በእጄ፦ ሥረ ግስ፣ የሚሉት እየገባኝ ነው፣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ገብተው ይዩት። የእኔ ተማሪዎች ትልቁ ስህተት ቴንስ አይደለም። «እርጉዝ ነኝ አለችኝ» የሚለውን በቀጥታ ወስደው «ሺ ቶልድ ሚ አይ አም ፕሬግናንት» ይሉኛል። ወንዱ ተማሪ ነው እንዲህ የሚጽፈው! አማርኛው «ነኝ» ስለሚል ነው። ቴንሱን ካላጠበቅኩባቸው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ቴንስ መለወጥ ሲጀምሩ «አይ»ንም መለወጥ ትዝ ይላቸዋል።

ሥረ ግስ፦ ይህ ከእስካሁኑ ሁሉ ያሳመነኝ ነገር ነው። በአማርኛ «እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው እሱ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ልሆን እችላለሁ፤ ከወሬው ነው የምንለየው። እንግሊዝኛ ያንን አይፈቅድም፤ ትእምርተ ጥቅስ ከሌለ «አይ» የሚያወራው ሰው ብቻ ነው። እንግዲያው ለዚያ ስህተት ኤክስ ያድርጉ፣ እኔም እደግፋለሁ። «ኢዝ» ላይ ግን ቢያንስ ግማሽ ነጥብ ይስጡ።

ቾክ በእጄ፦ ግማሽ አልሰጥም። ጥያቄው ላይ «ባለፈው ወር» የሚል እጨምርበት ይሆናል፤ ያኔ «ዋዝ» ብቻ ነው ልክ የሚሆነው፣ እርስዎም አይከሱኝም።

ሥረ ግስ፦ እሱማ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

የሁለት ልጆች አባት፦ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ፣ ግን አሁን ወረቀቷን እንደገና ሳየው አንድ ነገር አገኘሁ። ከዚያው በታች «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ብላ ጠየቀችኝ የሚለውን ለውጪ ተብላ «ሺ አስክድ ሚ ዌር ዲድ አይ ሊቭ» ጽፋለች። ይህኛው ራይት ተደርጎላታል። ልክ ነው?

ሥረ ግስ፦ አይደለም። ጥያቄው ወሬ ሲሆን «ዲድ» ይወጣል፣ ቅደም ተከተሉ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ «ሺ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ»። በአማርኛ «የት እንደምኖር ጠየቀችኝ» ስንል የጥያቄው ቅርጽ እንደሚጠፋው ማለት ነው። አራሚው «ዱ» «ዲድ» መሆኑን አይቶ አልፎታል።

ተርጓሚዋ፦ ልክ የሆነው ላይ ኤክስ፣ ስህተቱ ላይ ራይት!

ቾክ በእጄ፦ ወረቀቱን ያረምኩት እኔ አይደለሁም፣ አደራ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ነገ ወረቀቱን ይዤ ልሄድ ነበር። አሁን አንዱን ነጥብ ሳስመልስ ሌላውን እንዳያነሱብኝ ልጄ ራሷ ተወው አለችኝ።