የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት ለምን አስፈለገ? ልጁ አላስቀምጥ አለኝ

የደብረ ሲናው (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴን ልጅ ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናዋለሁ። √-1 ሲጽፍ ካልኩሌተሩ Math ERROR ይለዋል፣ ደብተሩ ደግሞ i ነው ይለዋል። «ከሌለ ለምን ፈጠሩት? ሰውስ እንዴት ተቀበለው?» ብሎ ያዘኝ። «ሕግ ነው፣ ዝም ብለህ ሸምድድ» ማለት አልፈልግም። ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ምን ልበለው?

ባለ ሱቁ
ይሄማ ቀላል ነው። የ4 ስኩዌር ሩት 2ም ነው -2ም ነው። ሁለቱን ካሬ ብታደርጋቸው 4 ይመጣል። ልጁ -2ን ረስቶት ነው።

የደብረ ሲናው
አይ ወንድሜ፣ እሱንማ ያውቃል። እኔ ያልኩት ኔጌቲቩ ሩቱ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሦስተኛ ዓመት
x² + 1 = 0 መልስ ስለሌለው ነው። ማንኛውም ኢኩዌሽን መልስ እንዲኖረው ዴካርት i የሚባል ነገር ፈጠረ፣ አለቀ። ኢማጅናሪ ያለውም እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘኸው። ዴካርት በ1637 ስሙን አወጣለት እንጂ አልፈጠረውም። ያ ስም ደግሞ ምስጋና አልነበረም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) i የሚለው ምልክትም የመጣው ከእሱ ብዙ ቆይቶ ነው፣ ከኦይለር።

x² + 1 = 0 ደግሞ ያንን ልጅ አያሳምነውም። ሰው ለስንት ዘመን «መልስ የለውም» ብሎ አልፎታል፣ ማንም አልተጎዳም። ካሬ ሆኖ ኔጌቲቭ የሚሆን ቁጥር የለም፣ በቃ። ይሄን ለልጁ ብትነግረው «ታዲያ የለውም በሉና ተዉት» ይልሃል፣ እውነቱንም ነው።

ሰውን ያስገደደው ኪዩቢኩ ነው። ይቺን ስጠው፦

```
x³ = 15x + 4
```

መጀመሪያ በግምት ይሞክር። 4ን ሲያስገባ በግራ 64፣ በቀኝ 60 + 4 = 64። መልሱ አለ፣ በጣት የሚቆጠር ቁጥር ነው። አሁን ካርዳኖ በ1545 ባሳተመው ፎርሙላ ይሥራው። 15ን ለ3 አካፍሎ ኪዩብ ያደርጋል፣ 125። 4ን ለ2 አካፍሎ ካሬ ያደርጋል፣ 4። ከዚያ ይቀንሳል፦

```
4 − 125 = −121
x = ∛(2 + √−121) + ∛(2 − √−121)
```

እዚህ ላይ «መልስ የለውም» ማለት አይቻልም። መልሱን እጃችን ይዘን ነው ፎርሙላው የሌለ ነገር ውስጥ የሚከተን። ካርዳኖ ራሱ 10ን ሁለት ቦታ ከፍሎ ብዜታቸውን 40 ለማድረግ ሞክሮ 5 + √-15 እና 5 − √-15 መጥቶለት ነበር። አባዝቶ 25 + 15 = 40 መሆኑን አየ። ረቂቅ ነው ግን ጥቅም የለውም ብሎ ተወው።

ያልተወው ቦምቤሊ ነው፣ ረግረግ የሚያደርቅ መሐንዲስ። በ1572 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነገሩን እንደ ማንኛውም ቁጥር ደመረው፣ አባዛው። √-121 ማለት 11 ጊዜ √-1 ነው። እንግዲህ 2 + i ን ሦስት ጊዜ ያባዛው። ካሬው 3 + 4i ይመጣል፣ ያን እንደገና በ2 + i ሲያባዙት 2 + 11i። ስለዚህ የመጀመሪያው ኪዩብ ሩት 2 + i ነው፣ ሁለተኛው 2 − i። ደምራቸው። i ከi ጋር ተጣፋ፣ 4 ቀረ።

የደብረ ሲናው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! እንደ ጣርማበር ዋሻ ነው በለኛ። በዚህ ገብተን ጨለማ፣ በዚያ ስንወጣ መንገዱ ያው መንገድ።

የሞተሯ ባለሙያ
እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው፣ i ን j ብለን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። እኛ ዘንድ i ከረንት ስለሆነ ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ ኮይል ሰጡኝ፣ ሬዚስታንሱ 3 ኦም፣ ሪአክታንሱ 4 ኦም። ደመርኩና 7 አልኩ። 220 ለ7 ሲካፈል 31 አምፔር ገደማ ነው ብዬ 32 ብሬከር አስገባሁ። እየሞቀ እየሞቀ ይወርድብኛል። ብሬከሩን ስሰድብ ዋልኩ። ለካ ነገሩ 3 + 4j ነው፣ መጠኑ 5 ኦም፣ የሚስበውም 44 አምፔር! ጥፋቱ የኔ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት
እትዬ፣ 3ና 4 ሆኖ 5 መምጣቱ በፓይታጎረስም ይሠራል፣ i ን ምን አመጣው?

የሞተሯ ባለሙያ
ለአንድ ኮይል ልክ ነህ። ሦስት አራቱን ጎን ለጎን ስታስራቸውና ካፓሲተር ስትጨምርበት በሥዕል ሞክረውና ንገረኝ። በj ግን መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። ሰው የተቀበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጡረተኛው መምህር
ጥቅሙን አልክድም፣ ግን ተቀባይነቱ ከእናንተ ሙያ ቀድሞ ነው የመጣው። ከቦምቤሊ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ሰዎች እየተጠቀሙበት ያፍሩበት ነበር። ልብ ያረጋው ሥዕሉ ነው። ልጁን ሰልፍ አስታውሰው። «ወደ ኋላ ዙር!» ሲባል ፊቱን ያዞራል፣ በ-1 ማባዛት ያ ነው። አሁን «ግራ ዙር!» ሁለት ጊዜ በለው። ያው ወደ ኋላ ዞረ። አንዱ ግራ ዙር i ነው። ሁለት ጊዜ ሲሆን -1፣ አራት ጊዜ ሲሆን ወደ ቦታው። ከቁጥር መስመሩ ላይ ሳይወጡ የ«ወደ ኋላ ዙር» ግማሽ የሚሆን ቁጥር መፈለግ ነበር ስህተቱ፣ i ከመስመሩ ወጥቶ በጎን ነው ያለው። ይህን ቬሰል የሚባል መሬት ቀያሽ በ1797 ለዴንማርክ አካዳሚ አቀረበው፣ ዞር ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም። አርጋንድ በ1806 ደገመው። ጋውስ በ1831 ሲጽፍበት ነው ክርክሩ የረገበው፣ ጋውስ ካለማ!

አንድ ወጥመድ አስጠንቅቀው። √-1 × √-1 ን በአንድ ሩት ሥር ከቶ √1 = 1 እንዳይል። ያ ሕግ ሩቱ ውስጥ ኔጌቲቭ ከሌለ ነው። መልሱ -1 ነው።

የደብረ ሲናው
ቅዳሜ ተገናኘን። ሰልፉን ግቢ ውስጥ ቆሞ ራሱ ሠራው፣ እህቴ እየሳቀች። ኪዩቢኩንም ወደደው። ግን ጋሼ፣ ሌላ ጣጣ አመጣ። «2 + i ን ከየት አገኘው? 4ን ቀድሞ ስላወቀ አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ጡረተኛው መምህር
ኧረ ይሄ ልጅ! ልክ ነው፣ የቦምቤሊ ድካሙ እዚያ ላይ ነው። ኪዩብ ሩቱን በአልጀብራ ልፈልግ ብትል ያው ኪዩቢክ ላይ ይመልስሃል። በማዕዘን ማግኘት ይቻላል፣ ለዚያ ግን ኮሳይን ይማር። እስከዚያው x³ = 7x + 6 ን ስጠው። መልሶቹ 3፣ -1 እና -2 ናቸው፣ ሦስቱም ደህና ቁጥሮች፣ ሩቱ ውስጥ ግን -100/27 ይመጣበታል። ፍንጭ፦ ከi ውጭ ያለው ክፍል የመልሱ ግማሽ ነው።

ባለ ሱቁ
እኔ እኮ 1.5 ላይ ደርሼ የi ጎን ሩት 3 ይዞብኝ ቆሜያለሁ፣ ያ ልክ ነው?

ጡረተኛው መምህር
ልክ ነህ፣ ቀጥል።