ጥቆማ፦ ድክ ድክ የሚል ልጅና ድመት ባሉበት ቤት የትኛውን ተክል ላስቀር፣ የትኛውን ላስወጣ?

የሰሚት እናት፦
እንደምን ዋላችሁ። የምንኖረው ሰሚት አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ ቤቱ ውስጥ መራመድ የጀመረ የ14 ወር ልጅና የሁለት ዓመት ድመት አሉ። ከሶፋው አጠገብ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ዲፈንባኪያ፣ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ሐረጉ እስከ ወለሉ የሚወርድ ሞኒ ፕላንት፣ መስኮት ሥር ፒስ ሊሊና ሳንሲቬሪያ፣ በረንዳ ላይ ደግሞ እናቴ የተከለችው እሬት አለ። ባለፈው ሳምንት ልጄ የዲፈንባኪያውን ቅጠል ነክሶ ወዲያው በጩኸት አለቀሰ፤ ለሃጩ አላቋርጥ አለ፣ ከንፈሩም አበጠ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጣሁት፤ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ እብጠቱ ቀነሰለት። አሁን ከእነዚህ ተክሎች የትኞቹን ከቤት ላውጣ? ለሚቀሩትስ በገመድ የሚንጠለጠል ማክራሜ፣ የብረት ማቆሚያ ወይስ ግድግዳ ላይ የሚመታ መደርደሪያ ብገዛ ይሻላል? ድመቷን የሚያይ የእንስሳት ሐኪምም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ችግኝ ሻጭ ከገርጂ፦
በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ዲፈንባኪያውን ዛሬውኑ ያውጡት፤ እኛም ስንቆርጠው ጭማቂው እጃችንን ስለሚያሳክከን ጓንት እናደርጋለን። ፒስ ሊሊውንም አብረው ያስወጡት፤ ሊሊ ድመትን እንደሚገድል ደንበኞቼ ነግረውኛል፣ ስሙም ላይ ተጽፎ ይገኛል። በገና ሰሞን የሚሸጠውን ቀይ ቅጠል ያለውን አበባም ቢሆን በፍጹም አያስገቡ፤ እርሱም ገዳይ ነው ይባላል። ማስቀመጫን በተመለከተ ግን ከሁሉም የሚሻለው የብረት ማቆሚያ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ግድግዳም መብሳት አያስፈልገውም።

የእንስሳት ሐኪም፦
የገርጂው ወንድማችን ስለ ዲፈንባኪያው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ሊሊውን በተመለከተ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ መቀላቀላቸውም በሁለቱም በኩል ጉዳት አለው።

ፒስ ሊሊ በስሙ ብቻ ሊሊ ነው። እርሱ፣ ዲፈንባኪያ፣ ሞኒ ፕላንት፣ ሞንስቴራና ፊሎደንድሮን አንድ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ በቅጠላቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል ክሪስታሎች አሉ። ቅጠሉ ሲታኘክ መርፌዎቹ ምላስንና ከንፈርን ይወጋሉ፤ ልጅዎ ወዲያው የጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ በቅጽበት ስለሚጀምር ልጅም ሆነ እንስሳ ብዙ ሳይውጥ ይተፋዋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ አፍ ላይ ይቀራል። እብጠቱ ወደ ጉሮሮ ሲወርድና ድምፅ ሲጎረንን ወይም መተንፈስ ሲከብድ ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ድመትን የሚገድለው እውነተኛው ሊሊ ሌላ ነው፤ ቤትዎ ውስጥ አሁን የለም፤ ነገር ግን በልደት ወይም በምርቃት ቀን በእቅፍ አበባ መካከል ሊገባ ይችላል። አበባው ትልቅ፣ ስድስት ቅጠል ያለውና መለከት የሚመስል ነው፤ መካከሉ ላይ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት የተሸከሙ ዘንጎች ይታያሉ። ድመት ያ ዱቄት ፀጉሯ ላይ አርፎ ብትልሰው ወይም አበባው የቆመበትን ውኃ ብትጠጣ እንኳ ኩላሊቷ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ታስመልሳለች፣ መብላት ትተዋለች፤ ከዚያ የተሻላት ትመስላለች፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። መፍትሔው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲሆን፣ መርዙ ከገባባት 18 ሰዓት ሳይሞላ ካልተጀመረ የመዳን ዕድሏ በጣም ይቀንሳል፤ ከተጀመረም ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ መቀጠል አለበት። ዱቄቱን የያዙትን ዘንጎች መቁረጥ በቂ አይደለም፣ ግንዱና ቅጠሉም መርዛማ ነውና። ድመት ያለበት ቤት ይህ አበባ ከበር ማለፍ የለበትም።

የገና አበባውን በተመለከተ የሚወራው ከእውነታው የገነነ ነው። ወተት መሳይ ፈሳሹ አፍንና ሆድን ያስቆጣል፣ ሊያስመልስም ይችላል፤ ገዳይ ግን አይደለም። ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ ዘመዱ ሲሆን እርሱ ይብሳል፤ ወተቱ ዓይን ከገባ በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ባለ ውሻ ከአያት፦
ጥያቄው ስለ ግቢ ተክልም መስሎኝ ነው የምጽፈው፤ ካልሆነ ይቅርታ። እኛ ግቢ በር ላይ ሁለት ፓልም አለን፣ ቡችላችንም ከሥሩ የወደቁትን ብርቱካናማ ፍሬዎች ይጫወትባቸዋል። አንድ ቀን አስመለሰውና ትላትል መስሎን መድኃኒት ሰጠነው፤ በሦስተኛው ቀን ድዱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም ሞተ። የወሰድነው ክሊኒክ ምክንያቱን አልነገረንም። ፓልም መርዝ ነው እንዴ?

የእንስሳት ሐኪም፦
ስለ ቡችላዎ አዝናለሁ። ሳላየው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ የገለጹት ሁኔታ ግን ሳጎ ፓልም ከሚያስከትለው የጉበት ጉዳት ጋር ይገጥማል። ሳጎ ፓልም በስሙ ፓልም ይባል እንጂ የፓልም ወገን አይደለም። ግንዱ አጭርና እንደ አናናስ ቅርፊት የሻከረ ነው፣ ቅጠሎቹም ደረቅ ሆነው ጫፋቸው ይወጋል። ሁሉም ክፍሉ መርዝ ቢሆንም ፍሬው ይብሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ውሻን ሊገድል ይችላል። ሌላ ውሻ ካለዎት ወይም ሊያሳድጉ ካሰቡ ፍሬዎቹን ለቅሞ መጣል አይበቃምና ተክሉን ነቅለው ያውጡት። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው አሬካ ፓልም ግን ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ዘንግ ያወጣል፣ ቅጠሉም ለስላሳ ነው፤ እርሱ ለውሻም፣ ለድመትም፣ ለልጅም ስጋት የለውም።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከማስቀመጫው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የብረት ማቆሚያውን ልጄ በ15 ወሩ ይዞ ለመነሣት ሲሞክር ከነቫዞው ገለበጠው፤ ለጥቂት ነው እግሩን የሳተው። ስለዚህ ድክ ድክ ለሚል ልጅ ማቆሚያ ከመሬት የባሰ ነው እላለሁ። ግድግዳ ላይ የተመታው መደርደሪያ ለልጁ ጥሩ ነበር፣ ድመታችን ግን ከሶፋው ጀርባ ዘልላ ትወጣበታለች። ከኮርኒስ የሚንጠለጠለው ብቻ ነው ለሁለቱም የሠራው፣ እርሱም በአጠገቡ መወጣጫ የሚሆን ዕቃ ከሌለና ሐረጉ ባጭሩ ከተቆረጠ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ስልካችሁ ላይ 1-800-222-1222 ን መዝግቡ፤ የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፣ ሌሊትም ቀንም ይመልሳሉ፣ ለሰው ነጻ ነው። ስትደውሉ የተክሉን ፎቶ፣ የልጁን ክብደትና ነገሩ የተፈጠረበትን ሰዓት አዘጋጁ። እኛ ስንደውል የጠየቁን እነዚህን ነበር።

ችግኝ ሻጭ ከገርጂ፦
ስለ ፒስ ሊሊው ስለታረምኩ አመሰግናለሁ፤ ለደንበኞቼም ሳስተምር የኖርኩት ስሕተት ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው፤ ተራ ፊሸር ሲመታበት መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ እየላላ ይመጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቫዞ ውኃ ሲጠጣ አምስት ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ መንጠቆው የሚመታው ከላይ ያለው ሶሌታ ወይም ቢም ላይ፣ በተራ ድሪል ሳይሆን ኮንክሪት በሚበሳ ድሪል ይሁን። ማክራሜው ጥጥ ከሆነ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ናይለኑ ይቆያል። ስም እየጠሩ መግዛትም ያሳስታል፤ እኛ ሻጮች ሞኒ ፕላንት የምንለው ሦስት ዓይነት ተክል ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት ቅጠሉን ፎቶ አንሥተው ያጣሩ።

የሕፃናት ነርስ፦
ስለ ወተት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መርዝ በተባለ ጊዜ ወተት ይሰጣል። በዲፈንባኪያና በሞኒ ፕላንት ጊዜ ጥቂት ቀዝቃዛ ወተት ወይም እርጎ አፉን ስለሚያበርድለት ጥሩ ነው። ነገር ግን ወተት መርዝን ሁሉ አያወጣም፤ የበላው ሌላ ተክል ከሆነ ያዘናጋል እንጂ አይረዳም። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስ ደግሞ የተቃጠለውን ጉሮሮ ዳግም ያቃጥለዋል፣ ትንታም ሊያመጣ ይችላል። የተክሉን ቁራጭ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ "አረንጓዴ ነገር በላ" ብቻ ሲባል ሐኪሙም ይቸገራል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ለጠያቂዋ ሐኪምን በተመለከተ፦ ሰፈርዎ ውስጥ ያለ ክሊኒክ ለክትባትና ለቀላል ሕመም ይበቃል። አሁኑኑ ግን ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ድመትን በደም ሥር ፈሳሽ ለሁለት ቀን ማስተኛት ይችላሉ ወይ፣ የኩላሊት ምርመራ በዚያው ይሠራሉ ወይ። ሁለቱም ከሌሉ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ደውለው የሥራ ሰዓቱን ያረጋግጡ። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ለድመቷ ጭንቀት ይቀንሳል፣ ይሁንና ለሊሊ መርዝ አይሆንም፣ የሁለት ቀን ክትትል ቤት ውስጥ አይሠራምና።

ተክሎቹን እንዲህ ቢያደርጓቸው እወዳለሁ። ዲፈንባኪያውን ልጅና እንስሳ ወደሌለበት ቢሮ ይስጡ። ሞኒ ፕላንቱን አንድ ክንድ ያህል ብቻ አስቀርተው ሐረጉን ይቁረጡና ብዙ ብርሃን ስለማይፈልግ በሩ ሁልጊዜ በሚዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ፒስ ሊሊውንም እዚያው። ለልጁ ከፍታ፣ ለድመቷ ደግሞ የተዘጋ በር ነው የሚሠራው፤ ድመት የማትደርስበት ከፍታ ቤት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሳንሲቬሪያውና እሬቱ ቢበሉ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣሉ፣ ከባድ ጉዳት ግን እምብዛም አያደርሱም።

የሰሚት እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲፈንባኪያውን ትናንት ለባለቤቴ ቢሮ ሰጠነው፤ ሲያወጣው አንድ ቅጠል ደረጃው ላይ ወድቆ ስለነበር ተመልሶ አነሣው። የሞኒ ፕላንቱን ሐረግ ቆርጬ ሁለቱንም መታጠቢያ ቤት አስገባሁ፣ በሩ ላይም ልጁ የማይደርስበት ቁልፍ አስገጠምን። ሶፋው አጠገብ የነበረው ቦታ ባዶ ስለሆነ አሬካ ፓልም ልገዛ ነው፤ ቅጠሉን ፎቶ አንሥቼ እዚህ አሳያችኋለሁ።

የቀረን እሬቱ ነው። እናቴ ለቃጠሎ የምትጠቀምበት ስለሆነ መንቀል አትሻም፤ የበረንዳው በር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ድመቷም እዚያ ነው የምትተኛው። ሐኪሙ ከባድ አይደለም ብለዋል፤ ጎረቤቴ ግን የራሷ ድመት ከእሬቷ ቆርጣ በልታ ሁለት ቀን ተቅማጥ እንደያዛት ነገረችኝ። በረንዳ ላይ እሬት ከድመት ጋር ያቆየ ሰው ካለ፣ እንዴት እንደሠራላችሁ ብትነግሩኝ?